ከርከሮ ነው፣ የዱር አሳማ ነው ወይስ የቤት አሳማ? ከጭራው ጀምራችሁ ለዩት

ሰው አንድ አሳማ የሚመስል ነገር ሲያይ መጀመሪያ የሚፈልገው ጥርሱን ነው። ጥርሱ ወጥቶ ካየ ከርከሮ ነው ይላል፣ ካላየ አሳማ ነው ይላል፣ አለቀ። ችግሩ ግን ከአራቱ መለያዎች ውስጥ በጣም የሚያሳስተው ጥርስ ነው፣ ምክንያቱም ለማየት በጣም መቅረብ ይፈልጋል፣ በእድሜና በፆታ ይለያያል፣ ይሰበራል፣ ደግሞ ሦስቱም ዓይነቶች ክራንቻ አላቸው። ስለዚህ እኔ የምላችሁ ቅደም ተከተሉን ገልብጡት ነው። መጀመሪያ ጭራ፣ ቀጥሎ ጋማ፣ ከዛ ፊት፣ ክራንቻ መጨረሻ ላይ። ይሄ ዝም ብሎ የመጣ ቅደም ተከተል አይደለም፣ ከሩቅ ከሚታየው ወደ ቅርብ የሚሄድ ነው። እንስሳው 150 ሜትር ላይ ሆኖ ጀርባውን ሰጥቷችሁ እየሮጠ እያለ ጥርሱን ልታዩለት አትችሉም፣ ጭራውን ግን ታያላችሁ።

ስሞቹን እንስማማ፣ አገር ቤት ሰው እንደየአካባቢው ይቀላቅላቸዋል። ከርከሮ የምለው ሜዳ ላይ በቀን ሳር ሲግጥ የምታዩትን፣ ፊቱ ላይ ትልልቅ ጉብታ ያለውን ነው። የዱር አሳማ የምለው ጫካና ቁጥቋጦ ውስጥ የሚውለውን፣ ማታ ማታ በቆሎና ድንች የሚያወድመውን፣ ሰውነቱ በሙሉ ፀጉር የሆነውን ነው። የቤት አሳማ ያው ቢሾፍቱ አካባቢ ባሉት እርባታዎች የምታውቁት ነው።

ቦታም እንምረጥ፣ ያለ ቦታ ይሄ ነገር አየር ላይ ይቀራል። ለመለማመድ ባሌ ጥሩ ነው። ዲንሾ ላይ፣ የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ዋና ቢሮ ባለበት፣ እና ከዛ ትንሽ ወጣ ብሎ ጋይሳይ ሜዳ ላይ ከርከሮ ከደጋ አጋዘን ጋር ተቀላቅሎ ሲግጥ በጠራራ ፀሐይ ታያላችሁ። ቦታው 3,000 ሜትር አካባቢ ነው፣ ለከርከሮ በጣም ከፍ ያለ ነው ግን ሰው ስለለመዱ ለመማር ከዚህ የተሻለ የለም። ከዛ በሳነቴ አናት አቋርጣችሁ ወደ ዶሎ መና ስትወርዱ የሐረና ደን ይመጣል፣ የዱር አሳማው ያለው እዛ ነው። በአንድ መንገድ ሁለቱንም ታገኛላችሁ ማለት ነው።

አንደኛ፦ ጭራውን ሲሮጥ እዩት

ከርከሮ ደንግጦ መሮጥ ሲጀምር ጭራው ቀጥ ብሎ ወደ ሰማይ ይቆማል፣ ልክ እንደ መኪና አንቴና። ጭራው ቀጭን ነው፣ ጫፉ ላይ ትንሽ የፀጉር ቁጥቋጦ አለው፣ እና ሳሩ ረጅም ከሆነ አንዳንዴ እንስሳው ራሱ ጠፍቶ ጭራዎቹ ብቻ በተርታ ሲሄዱ ነው የሚታያችሁ። ግልገሎቹ እናታቸውን ሳር ውስጥ እንዳያጧት ነው ይባላል። ምክንያቱ ምንም ይሁን ለእኛ ጥቅሙ ግልጽ ነው፣ እየሮጠ ጭራው ቀጥ ብሎ ከቆመ ከርከሮ ነው፣ ሌላ ምልክት ባትፈልጉም ይበቃል። እኔ በግሌ ከአራቱ ይሄን ነው በጣም የማምነው።

የዱር አሳማ ሲሮጥ ጭራው ወደ ታች ነው። እሱም ረዘም ያለና ጫፉ ላይ ፀጉር ያለው ጭራ ነው ያለው፣ ግን አያቆመውም፣ ታፋው ላይ ተንጠልጥሎ ነው የሚሄደው። በጭለማ ወይ በቁጥቋጦ መሃል ሲሮጥ ጭራ ያለው እስከማይመስል ድረስ ይጠፋል። ስለዚህ "ጭራ አላየሁም" የሚል ሰው ካለ ያ ራሱ መረጃ ነው፣ ከርከሮ ቢሆን ኖሮ መጀመሪያ የምታዩት እሱን ነበር።

የቤት አሳማ ጭራው የተጠቀለለ ነው፣ ይሄን ሁሉም ያውቃል። ሁሉም የማያውቀው ግን ጥቅልሉ ሁልጊዜ አይኖርም። አሳማው ሲፈራ፣ ሲያመው ወይም ሲደክመው ይፈታና ቀጥ ብሎ ይንጠለጠላል። ብዙ እርባታ ላይ ደግሞ እርስ በርስ ጭራ እንዳይናከሱ ተብሎ ገና በተወለዱ በጥቂት ቀን ውስጥ ስለሚቆረጥ ቁራጭ ብቻ ነው የሚቀረው። ያ ቁራጭ ግን ለእናንተ ጥሩ ነው፣ የጫካ እንስሳ ጭራውን የሚቆርጥለት የለም፣ ጫፉ ደፍን ብሎ እኩል የተቆረጠ ጭራ ካያችሁ ባለቤት አለው ማለት ነው። አንዳንዴ ጅብ ወይ ውሻ ነክሶት ጭራው የጎደለ ዱር እንስሳም ይኖራል፣ ግን መንጋው ሁሉ ጭራ ቁራጭ ከሆነ ነገሩ የእርባታ ነው።

አሁን ወጥመዱ። የጭራ ምልክት የሚሠራው እንስሳው ሲሮጥ ነው። ከርከሮ ተረጋግቶ ሲግጥ ጭራው ወደ ታች ተንጠልጥሎ ዝንብ እያባረረ ነው የሚውለው። ሰው ዲንሾ ሄዶ የቆመ ከርከሮ ፎቶ አንስቶ "ጭራው እኮ አልቆመም፣ የዱር አሳማ ነው" ይላል፣ አይደለም። የቆመ እንስሳ ላይ የጭራ ምልክትን ተዉት፣ ወይ ደግሞ ትንሽ ታገሱ፣ ሰው ሲጠጋ ወይ መኪና ሲያልፍ ትንሽ ሩጫ ቢጤ ሲጀምር ወዲያው ጭራውን ቀጥ ያደርጋል። ቪዲዮ ካላችሁ ቆሞ ያለበትን ሳይሆን መንቀሳቀስ የጀመረበትን ሰከንድ ፈልጉ።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልጨምር፣ ከአራቱ መለያ ውስጥ አይደለም ግን የቆመ ከርከሮ ላይ ጭራን ይተካል። ከርከሮ ሲግጥ የፊት እግሮቹን አጥፎ ይንበረከካል፣ በዛው በጉልበቱ እየተራመደ ይግጣል። የፊት እግሩ መታጠፊያ ላይ ለዚህ የሚሆን ወፍራም ቆዳ አለው፣ ሲወለድ ጀምሮ። ተንበርክኮ ሲግጥ ካያችሁት ጨርሳችኋል።

ሁለተኛ፦ ጋማውን እና የቀረውን ሰውነት አወዳድሩ

እዚህ ጋ ሰው የሚሳሳተው "ጋማ አለው ወይስ የለውም" ብሎ ስለሚጠይቅ ነው። ከርከሮም የዱር አሳማም ጋማ አላቸው። ትክክለኛው ጥያቄ ጋማው ከቀረው ሰውነት ጋር ሲነጻጸር ምን ይመስላል የሚለው ነው።

ከርከሮ ሰውነቱ ራቁት ማለት ይቻላል። ግራጫ ቆዳው በደንብ ይታያል፣ እዚህም እዛም ሳሳ ያለ ሻካራ ፀጉር ነው ያለው። ከማጅራቱ ተነስቶ በጀርባው መስመር የሚወርደው ጋማ ግን ረጅም ነው፣ ጠቆር ያለ ነው፣ እና ርዝመቱ ራሱን ስለማይችል ወደ ጎን ይወድቃል። እንግዲህ ራቁት ሰውነት ላይ ረጅም ጥቁር ጋማ ካያችሁ ከርከሮ።

የዱር አሳማ ተቃራኒው ነው። ሰውነቱ በሙሉ ፀጉራም ነው፣ በተለይ ያረጀው፣ ጎኑ ላይ ሁሉ ፀጉሩ ረዘም ብሎ ይንጨባረራል፣ ጆሮውም ሾጣጣ ሆኖ ጫፉ ላይ ፀጉር ይኖረዋል። ጋማው ከሰውነቱ ቀለም የነጣ ነው፣ ሰውነቱ ቡናማ፣ ቀይ ወይም ጥቁር ሊሆን ይችላል፣ ጀርባው ላይ ያለው መስመር ግን ግራጫ ወይ ነጣ ያለ ነው። እና ይሄ ጋማ ሲደነግጥ ወይ ሲቆጣ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ከርከሮ ጭራውን ሲያቆም የዱር አሳማ ጋማውን ነው የሚያቆመው ብላችሁ ያዙት፣ ለማስታወስ ይቀላል። ጋማው ሲቆም እንስሳው ከእውነተኛ መጠኑ በጣም ትልቅ ይመስላል፣ ለዛ ነው ማታ ያየው ገበሬ ሁልጊዜ "ጥጃ ያክላል" የሚለው።

የቤት አሳማ ጋማ የለውም። ወንዱ ያረጀ ከሆነ ትከሻው አካባቢ ጠንከር ያለ ፀጉር ሊኖረው ይችላል ግን በጀርባው ርዝመት የሚሄድ፣ ከሌላው ፀጉር የተለየ መስመር አይሆንም። ቀለሙ ላይ ተጠንቀቁ። ሰው የቤት አሳማ ሲባል ነጭ ላርጅ ዋይት ብቻ ነው የሚያስበው፣ ዱሮክ የሚባለው ዝርያ ግን ቀይ ቡናማ ነው፣ ከሩቅ ከዱር አሳማ ቀለም ጋር ይመሳሰላል። ልዩነቱ ዱሮኩ ጀርባው ላይ ምንም የነጣ መስመር የለውም፣ ጆሮውም ወደ ፊት የታጠፈ ነው፣ ፊቱና ሰውነቱም አንድ ዓይነት ቀለም ነው።

የጋማ ወጥመድ ጭቃ ነው። ሦስቱም ጭቃ ውስጥ መንከባለል ይወዳሉ፣ ከጭቃ የወጣ እንስሳ ደግሞ ቀለሙ የጭቃው ቀለም ነው፣ ጋማው ቆዳው ላይ ተለጥፎ የለም ይመስላል። ቀይ አፈር ባለበት አካባቢ ግራጫው ከርከሮ ቀይ ሆኖ ታገኙታላችሁ። የራሰ ወይም ጭቃ የለበሰ እንስሳ ካያችሁ ቀለም ላይ ምንም አትደምድሙ፣ ወደ ፊቱ እለፉ።

ሦስተኛ፦ ፊቱ ላይ ያለው ጉብታ የት ነው ያለው?

ጉብታ መኖሩ ሳይሆን ቦታው ነው ወሳኙ።

ከርከሮ ፊቱ ረጅምና ሰፊ ነው፣ ዓይኖቹ በጣም ወደ ላይ ወጥተው ነው ያሉት። ያደገው ወንድ ሦስት ጥንድ ጉብታ አለው። ትልቁ ከዓይኑ ስር ወደ ጎን ወጥቶ የሚታየው ነው፣ ሌላው ከዓይንና ከክራንቻው መሃል ነው፣ ሦስተኛው መንጋጋው ላይ ነው፣ እሱ ላይ ነጭ ፀጉር ይበቅልበታል። ሴቷ ግን የዓይን ስሩም አነስ ያለ ነው፣ የመሃለኛው ጥንድ ደግሞ የላትም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ከፊት ለፊት ሁለት ትልልቅ ጉብታዎች ደራርበው ከታዩ ወንድ ነው፣ ከዓይን ስር ትንሽ ብቻ ከታየ ሴት ወይ ጎረምሳ ነው። ጉብታው አጥንት አይደለም፣ ወፍራም ቆዳና ከስሩ ያለ ጠንካራ ሥጋ ነው፣ ወንዶቹ ሲጋጩ ፊታቸውን እንደሚከላከልላቸው ይታሰባል።

የዱር አሳማ ላይ ጉብታ የሚኖረው ያደገ ወንድ ላይ ነው፣ እሱም ከዓይን ስር ሳይሆን ከዓይን ፊት ለፊት አፍንጫው ላይ ነው፣ አንድ ጥንድ፣ ያውም ፀጉር ስለሚሸፍነው በቀላሉ አይታይም። ከስሩ ደግሞ ሻካራ አጥንት አለው። ሴቷ ምንም የላትም። በተግባር የዱር አሳማን ፊት የምታውቁት በጉብታው ሳይሆን በቀለሙ ነው፣ ብዙ ጊዜ ፊቱ ነጣ ያለ ነው፣ ጉንጩ ላይም ነጭ ጺም የሚመስል ረጅም ፀጉር አለው፣ ከጠቆረው ሰውነት ጋር ሲታይ ጭምብል ያጠለቀ ነው የሚመስለው።

የቤት አሳማ ፊቱ ንጹህ ነው። አንዳንዱ ከጉሮሮው ስር የተንጠለጠለ ቆዳ ይኖረዋል፣ ያ ፊት ላይ ስላልሆነ አያሳስታችሁም። ቁስል ወይ ያበጠ ነገር ግን ሊያሳስት ይችላል፣ መለያው ቀላል ነው፣ የከርከሮ ጉብታ ጥንድ ነው፣ ግራና ቀኝ እኩል ነው። አንድ ጎን ብቻ ያበጠ ነገር በሽታ ወይ ጉዳት ነው።

ሐረና ደን ውስጥ ግን አራተኛ እንስሳ አለ፣ ትልቁ የደን አሳማ፣ ደቡብ ምዕራብ ደኖች ውስጥም ይገኛል። ይሄ በጣም ትልቅ፣ ጥቁር ፀጉራም ነው፣ ወንዱ 200 ኪሎ ማለፍ ይችላል፣ ከዓይኑ ስር ጉንጩ በሙሉ እንደ ክብ ሆኖ ያበጠ ነው። ፊቱን ብቻ ያየ ሰው ከርከሮ ይለዋል። የሚለየው ሰውነቱ ፀጉራም በመሆኑ እና ሲሮጥ ጭራውን ባለማቆሙ ነው። ዋናው ነጥብ ይሄ ነው፣ ከዓይን ስር ያበጠ ፊት ያለው ሆኖ ሰውነቱ በጥቁር ፀጉር የተሸፈነ ካያችሁ ከሦስቱ አንዱ ውስጥ ለማስገባት አትታገሉ።

ወደ ምስራቅ ሶማሌ ክልል ስትሄዱ ደግሞ ሁለተኛ ዓይነት ከርከሮ አለ፣ የበረሃ ከርከሮ የሚባለው። ጭራው፣ ጋማው ምኑም ያው ከርከሮ ነው፣ የጆሮው ጫፍ ግን ወደ ኋላ ተቆልምሟል፣ የዓይኑ ስር ጉብታም ሾጣጣ ሳይሆን ቆልመም ያለ ነው። ለዚህ መመሪያ ከርከሮ ብላችሁ ብታልፉት አልተሳሳታችሁም።

አራተኛ፦ ክራንቻ፣ አሁን ብቻ

እስካሁን ሦስቱን አይታችኋል፣ ክራንቻው የሚያረጋግጥ እንጂ የሚወስን መሆን የለበትም።

ከርከሮ አራት ክራንቻ አለው። የላይኛው ጥንድ ረጅም ነው፣ ከአፉ ወደ ጎን ይወጣና ወደ ላይ ይቆለመማል፣ ከሩቅ የሚታየው እሱ ነው። ሰው የሚፈራውም እሱን ነው፣ አደገኛው ግን የታችኛው አጭሩ ነው። አፉን በከፈተና በዘጋ ቁጥር የታችኛው ከላይኛው ጋር እየተፋጨ ስለሚሳል ስለት ይሆናል። ሴቷም ክራንቻ አላት፣ ቀጠን አጠር ያለ፣ ግን ከከንፈር ውጪ ይታያል። ስለዚህ "ጥርስ ያለው ወንዱ ብቻ ነው" የሚባለው ለከርከሮ አይሠራም።

የዱር አሳማ ክራንቻው አጭር ነው። የታችኛው ስለታም ነው፣ አደገኛም ነው፣ ግን አብዛኛው በከንፈሩ ተሸፍኗል፣ የላይኛው ደግሞ ከናካቴው አይታይም ማለት ይቻላል። ትልቅ ወንድ ላይ ቅርብ ሆናችሁ ካያችሁ ጫፉ ብቅ ይላል። ወደ ላይ ዞሮ የተቆለመመ ክራንቻ ያለው የዱር አሳማ የለም።

የቤት አሳማ ላይ ነው ሰው በጣም የሚገርመው። ያልተኮላሸ ወንድ አሳማ እድሜው ከገፋ የታችኛው ክራንቻው ከከንፈሩ ወጥቶ በደንብ ይታያል። አብዛኛው ሰው የማያየው አሳማ እዛ እድሜ ሳይደርስ ስለሚታረድ፣ ስለሚኮላሽ፣ ወይም ደግሞ አርቢው ለደህንነት ብሎ ስለሚቆርጠው ነው። እንግዲህ ጥርሱ የወጣ ሁሉ የዱር አይደለም።

ትልቁ የክራንቻ ወጥመድ ግን የከርከሮ ልጆች ላይ ነው። ግልገል ከርከሮ ገና ክራንቻው ሳይወጣ መንጋጋው ላይ ነጭ የፀጉር ቁጥቋጦ አለው፣ ከፊት ለፊት ሲታይ ወደ ላይ የታጠፈ ነጭ ክራንቻ ነው የሚመስለው። ፎቶውን ዙም ስታደርጉት ይበተናል፣ ጥርስ ጠርዙ ንጹህ ነው፣ ፀጉር ግን ጫፉ ይሳሳል። ተመሳሳይ ነገር የዱር አሳማ ላይም ይመጣል፣ የጉንጩ ነጭ ፀጉር በባትሪ ሲበራበት ጥርስ መስሎ ይታያል።

ግልገል ካነሳን አይቀር፣ ግልገሎች አብረው ካሉ ሥራችሁ ቀለለ። የዱር አሳማ ግልገል ቡናማ ሆኖ በርዝመቱ ነጣ ያሉ መስመሮች አሉት፣ ሲያድግ ይጠፋል። የከርከሮ ግልገል መስመር የለውም። የእርባታ አሳማ ግልገልም የለውም።

እስቲ በአንድ ጉዳይ እንሞክረው

እንበልና ከዶሎ መና ወደ ሐረና ጠርዝ ያለ አንድ ገበሬ በቆሎው ተበልቶበታል። ማምሻውን ልጁ ማሳው ጋ ቆሞ በስልክ ቪዲዮ ቀርጿል፣ 12 ሰከንድ ይሆናል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ብርሃኑ ሊጠፋ ነው። አምስት ስድስት የሚሆኑ እንስሳት ከበቆሎው ወጥተው ወደ ደኑ ይሮጣሉ። አባትየው "ከርከሮ ነው፣ ነጭ ጥርሱ ይታያል" ይላሉ።

ቪዲዮውን አንዴ አይታችሁ አትወስኑ፣ ቀስ አድርጋችሁ አጫውቱትና ሩጫው ላይ አቁሙት። ጭራ? አንድም የቆመ የለም። ስድስት ከርከሮ ደንግጦ ሲሮጥ ስድስቱም ጭራውን ሳያቆም ቀረ ማለት በጭራሽ የማይመስል ነገር ነው። እዚህ ጋ ከርከሮ ሊወጣ ደርሷል። ጋማ? ብርሃኑ ደካማ ስለሆነ ሰውነቱ ጥቁር ነው የሚመስለው፣ ግን የመጨረሻው ትልቁ ሲዞር ጀርባው ላይ የነጣ መስመር ይታያል፣ ቆሟልም። የቤት አሳማም ወጣ። ፊት? የነጣ ነው፣ ከዓይን ስር ወደ ጎን የወጣ ነገር የለም። አባትየው ጥርስ ያሉት ነጭ ነገር ደግሞ ስክሪኑ ላይ ስታጎሉት ወደ ጉንጩ ተዘርግቶ ይጠፋል፣ ወደ ላይ አይቆለመምም፣ ፀጉር ነው። ትልቁ የደን አሳማስ? እሱ ጀርባው ላይ የነጣ መስመር የለውም። የዱር አሳማ ነው።

አሁን ይሄ ለገበሬው ምን ይቀይራል? ከርከሮ ማታ ጉድጓድ ገብቶ ነው የሚያድረው፣ ብዙ ጊዜ ምስጥ በሊታው አዋልዲጌሳ ቆፍሮ የተወውን ጉድጓድ፣ ያውም ፊቱን ወደ ውጪ አድርጎ በጀርባው ነው የሚገባው። ከርከሮ ቢሆን ጥበቃው የቀን ነበር። የዱር አሳማ ከሆነ ግን ቀን ማሳ ላይ ልጅ ማቆም ልጁን ከትምህርት ቤት ማስቀረት ብቻ ነው፣ ጥበቃው ከምሽት እስከ ንጋት መሆን አለበት፣ በተለይ በደኑ በኩል ባለው ጠርዝ፣ የሚገቡትም የሚወጡትም በዛው ስለሆነ። ሰው በጣም የሚያሳድደው አካባቢ ከርከሮም ሰዓቱን ሊቀይር ስለሚችል ሰዓት ብቻውን መለያ አይሆንም፣ ለዛ ነው ቪዲዮው ያስፈለገው።

የማይሠራበት ቦታ

እስራኤል ያላችሁ፣ በተለይ ሃይፋ፣ መንገድ ላይ ቆሻሻ ሲገለብጥ የምታዩት እና አውሮፓ ጫካ ውስጥ ያለው የዱር አሳማ ሌላ ነው። እሱ የቤት አሳማ የመጣበት ዘር ነው፣ ፀጉራም ነው፣ ግልገሉም ባለ መስመር ነው፣ ከላይ ያልኩትን ይዛችሁ ብትሄዱ የእኛ የዱር አሳማ ይመስላችኋል። ነጣ ያለ ፊትና የነጣ ጋማ ግን የለውም። የእኛው አፍሪካ ውስጥ ብቻ ያለ ዘር ነው።

የሞተ እንስሳ ላይ ደግሞ የጭራ ምልክት ጨርሶ ዋጋ የለውም፣ የሁሉም ይንጠለጠላል። መንገድ ዳር መኪና የገጨው ካገኛችሁ ሰውነቱ ራቁት ነው ወይስ ፀጉራም፣ ከዓይኑ ስር ጉብታ አለው ወይ፣ የላይኛው ክራንቻ ወደ ላይ ተቆልምሟል ወይ፣ ሦስቱን ብቻ እዩ። የቀረው የራስ ቅል ብቻ ከሆነ የከርከሮ ጉብታ ከቆዳው ጋር አብሮ ስለሚበሰብስ አታገኙትም፣ እዛ ላይ ብቻ ክራንቻ አንደኛ መለያ ይሆናል፣ እሱም ቦታው ላይ ካለ ነው፣ ብዙ ጊዜ ሰው ነቅሎ ይወስደዋል።

በእጃችሁ ግን አትነካኩት፣ በተለይ አሳማ የምታረቡ ከሆነ። ከርከሮም የዱር አሳማም የአፍሪካ አሳማ ትኩሳት ቫይረስ ምንም ሳያማቸው ሊሸከሙ ይችላሉ፣ የከርከሮ ጉድጓድ ውስጥ ያለው መዥገርም ያስተላልፈዋል። የቤት አሳማ ላይ ሲገባ ግን መንጋውን ይጨርሳል፣ መድኃኒት ተሰጥቶት የሚድን ነገር አይደለም፣ ባህር ዳርና ቢሾፍቱ አካባቢ ባሉ አሳማዎች ላይ ከ2011 እ.ኤ.አ. ወዲህ ተገኝቷል። ሰው ላይ አይጋባም፣ ግን በጫማችሁና በልብሳችሁ ይዛችሁት ልትገቡ ትችላላችሁ። ፎቶውን ከላይ፣ ከጎን እና ከፊት ለፊት አንሱ፣ ሥጋውን ለአሳማችሁ እንዳትሰጡ፣ ወደ በረቱ ከመግባታችሁ በፊት ጫማ ቀይሩ፣ እና የወረዳውን የእንስሳት ጤና ባለሙያ ጥሩ።